የክሊኒኩ ስልክ ሲጮህ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር፦ ጥያቄና መልስ

ከመቀበያ ጠረጴዛ ጀርባ 11 ዓመት ተቀምጫለሁ። የክሊኒክ እንግዳ ተቀባዮች ቡድናችን አባላት፣ ዛሬ ስለ ስልክ ብቻ ጠይቁኝ። ስለ ደሞዝ አልመልስም።

«ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ስልክ ሳነሳ መጀመሪያ ምን ልበል?»

«ጤና ይስጥልኝ»፣ ከዚያ የክሊኒኩ ስም፣ ከዚያ ያንቺ ስም፣ በመጨረሻ «ምን ልርዳዎት?»። ሰላምታው የሚቀድመው ለወግ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቃል ይጠፋል። ደዋዩ ስልኩን ገና ወደ ጆሮው እያስጠጋ ነው፣ ወይም መስመሩ ሲገናኝ ይቆርጠዋል። በክሊኒኩ ስም ከጀመርሽ የሚጠፋው ስሙ ነው፤ «የት ነው የደወልኩት?» ይልሻል። ሰላምታው ቢጠፋ ግን ምንም አልጎደለ። ስሙ ላይ ስትደርሺ ቀስ በይ። አንቺ ቀኑን ሙሉ ስለምትይው ምላስሽ ላይ ይቀልጣል፤ እሱ የሚሰማው አንዴ ነው።

ደግሞ ከጎንሽ ካለችው ጋር የያዝሽውን ወሬ ጨርሰሽ አንሺ። «...ብላኝ ሄደች፣ ጤና ይስጥልኝ» ሲባል ደዋዩ ይሰማል።

«‹ሃሎ› ማለት ምን ችግር አለው? ሁሉም ይለዋል።»

ቤትህ በል።

«እኔ ‹አቤት› ነው የምለው። አክብሮት አይደል እንዴ?»

አክብሮትስ ነው። ግን የት እንደደወለ አይነግረውም።

— *አንድ አባል፦* እኔ «የኔ እናት» እላለሁ። ሰው ይረጋጋል።

— *ሌላዋ፦* እኔ 26 ዓመቴ ነው። «እናቴ» ስባል ስልኩን መዝጋት ያምረኛል።

— *የመጀመሪያው፦* አንቺ ነሻ! ታላላቆቻችን ደስ ይላቸዋል።

በድምፅ ዕድሜ አይታወቅም። አንዳንዴ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አይለይም። «እርስዎ» በሉና ተገላገሉ። ቀጥሉ።

«ሁለት ስልክ አንድ ላይ ሲጮህ ‹ይጠብቁ› ብዬ ወደ ሌላው ብሄድ ደዋዩ ይቀየማል?»

መቀየሙማ ትንሹ ነገር ነው። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ፣ ጠዋት፣ አንዲት ሴት ደወሉ። «ጤና ይስጥልኝ፣ አንዴ ይጠብቁኝ» ብዬ የማቆያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ስመለስ ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቀጠሮ ፈልገው እንደደወሉ ነገሩኝ። ለማን ስላቸው «ለባለቤቴ። ደረቱን ይዞ ተቀምጧል፣ ያልበዋል» አሉ። ሦስት ደቂቃ ሙዚቃ ሲሰሙ ነበር። ሰውየው ተርፈዋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያን ሙዚቃ አልወደውም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምለው፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ እገሌ ክሊኒክ። አስቸኳይ ነው ወይስ ሊጠብቁኝ ይችላሉ?» መልሱን ሳልሰማ ቁልፉን አልነካም። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፦ መልሱን ሳትሰሙ ቁልፉን አትንኩ። ጠይቆ ወዲያው መጫን ካለመጠየቅ አይለይም።

መጠየቁ ብቻም አይበቃም። ያፈረ ሰው «አይ፣ ቀላል ነው» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ቀላል አይደለም። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማይቆም ደም፣ ራስን መሳት፣ የፊት መጣመም ወይም የአንደበት መተሳሰር ከሰማችሁ ቀጠሮ የሚባል ነገር እርሱት። መጀመሪያ ስልክ ቁጥሩንና ያለበትን ቦታ ያዙ፣ መስመሩ ሊቋረጥ ይችላላ። ከዚያ በክሊኒካችሁ መመሪያ መሠረት ለነርሷ ወይም ለአምቡላንስ። ዝርዝሩን ሐኪማችሁ አይቶ ያጽድቀው፣ ከስልኩ አጠገብ ለጥፉት።

— *አንድ አባል፦* እኔ ደረት ሲሉኝ «ቶሎ አስፕሪን ይዋጡ» እላለሁ። ሐኪሞችም ያዝዙታል።

ሐኪሞች ያዝዙታል፤ አንተ ሐኪም አይደለህም። አስፕሪን የማይስማማው ወይም ሆዱ ውስጥ የሚደማ ሰው ቢሆንስ? ያን የሚጠይቅ ሰው ጋ አገናኘው።

«ድምፄ ቀጭን ነው። ‹ትልቅ ሰው አቅርቢልኝ› ይሉኛል።»

አታወፍሪው፣ ያስታውቃል። የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ዝቅ አድርጊ። ስምሽን ስትናገሪ ጫፉ ወደ ላይ ከወጣ፣ ስምሽን የምትጠይቂ ነው የሚመስለው።

«ጥሩ ቶን እንዴት ነው?»

ለማን? ለተናደደ? ለሚያለቅስ? ለይተህ ጠይቅ።

«እትዬ፣ ስልክ ሲነሳ መጀመሪያ ምን ይባላል?»

ከላይ አለ። አንብቡ እንጂ!

«እኛ ጋ ቀፎው ተሰብሯል። የትኛውን ልግዛ?»

ስለ ቀፎ አይደለም የተሰበሰብነው።

«ባል ደውሎ ‹ሚስቴ ዛሬ መጥታለች ወይ?› ቢልስ?»

መጥታለችም አልመጣችምም አትበይ። «ስለ ማንኛውም ታካሚ በስልክ አንናገርም፤ እሷን ይጠይቋት» በይ።

— *አንዲት አባል፦* ታዲያ ሚስቱ አይደለችም?

— *ሌላው፦* ለዚያ እኮ ነው! የምትደበቀው ከሱ ቢሆንስ?

— *የመጀመሪያዋ፦* እኔ አልዋጠልኝም።

አይዋጥልሽ፣ ግን አትናገሪ። ከሰዎች ፊት ስለተቀመጥሽ ደግሞ የደዋዩን ስምና ሕመም ጮክ ብለሽ አትድገሚ። የምትደግሚው ስልክ ቁጥሩን ብቻ ነው፣ ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረግሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ። የልደት ቀን ደግሞ እሱ ይንገርሽ፤ አንቺ ካነበብሽለት ማንም «አዎ» ይላል።