ቆጠራውን ከፌሮ ያስጀምሩት

«ጅማ መርካቶ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። የእህቴን ልጅ ሥራ እያስለመድኩት ነው። ዕቃ ቆጠራ ከምን ላስጀምረው?»

1. ከሚስማርና ከማጠፊያ ሳይሆን ከፌሮ ያስጀምሩት። በሱቅዎ ውስጥ በአንድ ስህተት ብዙ ብር የሚሄደው እዚያ ነው።

2. ልጁ ካርዱን ሳያይ ይቁጠር። የሚጠበቀውን ቁጥር አስቀድሞ ካወቀ ዓይኑ ወደዚያ ይጎተታል። ክምሩን ከጎን ሳይሆን ከጫፉ ይቁጠር፤ የቆጠረውን እያንዳንዱን ቤርጋ ጫፉ ላይ በጠመኔ ይንካ፣ በየአሥሩ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

3. ይህ ሦስተኛው ነው ዋናው። እዚሁ ጅማ አንድ ለማጅ ልጅ እንዲሁ ሲቆጥር 150 ቤርጋ አገኘ። ካርዱም 190 ገብቶ 40 ተሽጧል፣ 150 ቀሪ ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ይፈርም ነበር። ልጁ ግን ጠመኔውን ሲያስነካ አንዳንዱ ጫፍ ቀጠን አለበትና ለየው፦ 90 ወፍራም፣ 60 ቀጭን። ካርዱና ደረሰኙ ሁሉንም ባለ 12 ሚሊ ይላሉ።

በካሊፐር አልተማመነም፤ ፌሮው ጥርስ ስላለው ጥርሱ ላይ ሲለኩ ይበዛል፣ በጥርሶቹ መካከል ሲለኩ ያንሳል። ከሁለቱም ዓይነት አንድ አንድ ሜትር ቆርጦ መዘነ። አንዱ 0.89 ኪሎ፣ ሌላው 0.62 ኪሎ ሆነ። ባለ 12 ሚሊ በሜትር 0.888፣ ባለ 10 ሚሊ 0.617 ነው፤ ጥቂት ግራም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፣ ይህን ያህል ግን አይራራቅም። ቤርጋው 12 ሜትር ስለሆነ አንዱ ላይ 3.25 ኪሎ ይጎድላል፤ በ60 ቤርጋ 195 ኪሎ ብረት፣ ማለትም ሁለት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ሳይመጣ ተከፍሎበታል። ከገንዘቡ የባሰው ደግሞ ገዢው ነው፤ ባለ 10 ሚሊው የባለ 12ቱን ሰባ በመቶ ብረት እንኳ አይሞላም፣ አምድ ውስጥ ቢገባ ማን ያውቃል?

ዕቃው የገባው ማታ በዝናብ ነበር፤ አውራጆቹ ብዛቱን ብቻ ቆጥረው ተፈረመ። አቅራቢው ቢሮ ሲደወል የተሰጠው መልስ «ፈርማችሁ ተረክባችኋል» ብቻ ሆነ። ሰላምታ እንኳ ሳይመልሱ! ያዳናቸው ሹፌሩ ትቶት የሄደው የሚዛን ወረቀት ነው። 190 ቤርጋ ባለ 12 ሚሊ 2,025 ኪሎ ገደማ መሆን ሲገባው ወረቀቱ 1,830 ይላል። 130 ወፍራምና 60 ቀጭን ሲደመር በትክክል ያ ይመጣል። ይህን ሲያዩ ልዩነቱን መለሱ።

ስለዚህ የሚዛን ወረቀቱንና በእስሩ ላይ የታሰረውን የፋብሪካ ምልክት ከደረሰኙ ጋር ያያይዙ፤ ፌሮው ተሽጦ እስኪያልቅ አይጣሉ። ማታ የመጣ ዕቃ ላይ ደግሞ «ዓይነቱ አልተለየም» ብለው ጽፈው ይፈርሙ፣ ጠዋት በብርሃን ልጁ ይመዝን።