ከሕክምና በኋላ የቀረ የፋልሲፓረም ወባ መስመርና በስላይዱ ላይ የተገኙት 17 ተህዋስያን

ጥያቄ፦ «ከ24 ቀን በፊት ለፋልሲፓረም ወባ ኮአርተም የተባለውን መድኃኒት ጀምሮ የጨረሰ ታካሚ ትኩሳት ይዞት ተመልሶ መጣ። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ካርድ አርዲቲው ፒኤፍ ላይ፣ ማለትም በፋልሲፓረም ቦታ፣ አሁንም መስመር ያሳያል፤ ስላይዱ ላይ ግን ተህዋስያኑን ያገኘሁት በብዙ ፍለጋ ነው። የትኛውን ልመን? በማይክሮሊትር ስንት ብዬስ ልጻፍ?»

ስላይዱን ይመኑ፤ ሆኖም ቁጥሩን ከመጻፍዎ በፊት ቀጭኑን ስሚር አይተው የተህዋሱን ዓይነት ይለዩ። ይህን የምልዎ አዳማ በምሠራበት ላቦራቶሪ ከእርስዎ ታካሚ ጋር እጅግ የሚመሳሰል ወጣት ገጥሞን ስለነበር ነው። ወጣቱ በወንጂ አካባቢ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ ለፋልሲፓረም ታክሞ ከዳነ ከ26 ቀን በኋላ በጥቅምት ወር ብርድ ብርድ እያለው መጣ። በአርዲቲው ላይ የፒኤፍ መስመር ደብዘዝ ብሎ ቢታይም ቫይቫክስ የተባለውን ሌላ የወባ ዓይነት የሚያሳየው የፒቪ መስመር ፈጽሞ አልነበረም፤ የካርዱን ውጤት ብቻ ያየ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ሊደመድም ይችል ነበር።

እኛ ያኔ የተጠቀምንበት ካርድ በፒኤፍ መስመሩ የሚይዘው ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን የፋልሲፓረም ተህዋስ ወደ ደም የሚለቀው ስለሆነ፣ ተህዋሱ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በፒቪ መስመሩ የሚያዘው ኤልዲኤች ግን በሕይወት ያለ ተህዋስ የሚሠራው ኢንዛይም በመሆኑ ተህዋሱ ሲጠፋ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በቅርቡ በታከመ ሰው ላይ የሚታይ የፒኤፍ መስመር ያለፈውን ሕመም የሚናገር ሊሆን ይችላል፤ የፒቪ መስመር አለመታየቱም ቫይቫክስ የለም ማለት አይደለም፤ ተህዋስያኑ በማይክሮሊትር ከ200 በታች ሲሆኑ ካርዱ ብዙ ጊዜ ይስታቸዋልና። በተቃራኒው በአገራችን ኤችአርፒ2 የሚሠራበት ጂን የጎደላቸው የፋልሲፓረም ተህዋስያን ስለተገኙ፣ ኔጌቲቭ የሆነ የፒኤፍ መስመርም ቢሆን ምልክት ያለበትን ታካሚ በደፈናው ለማሰናበት አያበቃም።

ወደ ወጣቱ ስላይድ ልመለስ። በአንድ ስላይድ ላይ 6 ማይክሮሊትር የሚሆን ደም ለወፍራሙ ስሚር፣ 2 ማይክሮሊትር ለቀጭኑ አድርገን ሠራን። ቀጭኑን በሜታኖል ስናጸና ስላይዱን አጋድመን እንይዛለን፤ ሜታኖሉ ወይም ተኑ ወፍራሙን ከነካው ቀይ የደም ሴሎቹ ጊምሳ በተባለው ማቅለሚያ ውኃ ውስጥ ሳይፈርሱ ይቀራሉና። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ይህን ባለማወቄ ስንት ስላይድ አበላሽቻለሁ፤ ምልክቱም ከወፍራሙ ሥር ጥርት ያለ መደብ መታየት ሲገባው እንደ ምንጣፍ የተነጠፉ ቀይ ሴሎች መታየታቸው ነው። እንዲህ ዓይነት ስላይድ ቢቆጠርም ቁጥሩ አይታመንም፤ ደም በድጋሚ መወሰድ አለበት።

ወፍራሙን በባለ 100 ሌንስ ከዘይት ጋር ስናይ እስከ 200 ነጭ የደም ሴል ድረስ 7 ተህዋስያን ብቻ አገኘን። በዓለም ጤና ድርጅት አሠራር 200 ነጭ ሴል ተቆጥሮ 100 ወይም ከዚያ በላይ ተህዋስ ከተገኘ ቆጠራው ይቆማል፤ ከዚያ ካነሰ እስከ 500 ነጭ ሴል ይቀጥላል። ስንቀጥል በ500 ነጭ ሴል 17 ተህዋስያን ሆኑ። ስሌቱ የተቆጠሩት ተህዋስያን በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ አለ ተብሎ በሚገመተው 8,000 ነጭ ሴል ተባዝተው በተቆጠሩት ነጭ ሴሎች ይካፈላሉ የሚለው ነው፦

17 × 8,000 ÷ 500 = 272 በማይክሮሊትር

ስህተቱ የመጣው እዚህ ላይ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ አስቀድሞ የተጻፈው 680 ነው። ባልደረባዬ እንደ ልማዱ 17ን በ40 አባዝቶት ነበር። 40 የሚገኘው 8,000 ለ200 ሲካፈል ስለሆነ፣ እስከ 500 ሲቆጠር ማባዣው 16 ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ስህተት በዓይን የማይታወቀው ቁጥሩ በራሱ የሚያስደነግጥ ስላልሆነ ነው። ስለዚህ ከውጤቱ ጎን ሁልጊዜ «17/500» ብለን እንድንጽፍ ተስማማን፤ የሚከታተለው ሰው በአንድ ዕይታ መልሶ ሊያሰላው ይችላል።

8,000 ራሱ ግምት መሆኑን አይርሱ። የወጣቱ የደም ሴል ቆጠራ፣ ማለትም ሲቢሲ፣ በዚያው ቀን ተሠርቶ ነጭ ሴሉ በማይክሮሊትር 5,100 ስለነበር፣ በእርሱ ብናሰላው 17 × 5,100 ÷ 500 ወደ 173 ይሆናል። ወባ በያዘው ሰው ነጭ ሴል መቀነሱ የተለመደ በመሆኑ 8,000ን መጠቀም ቁጥሩን ብዙ ጊዜ ከፍ ያደርገዋል። የራሱን ሲቢሲ ካገኙ በእርሱ ያስሉ፤ ካላገኙ 8,000ን ይጠቀሙና በውጤቱ ላይ ይህንኑ ይጻፉ። አንዱን ታካሚ በተለያዩ ቀናት ሲያወዳድሩ ግን አንዱን ቀን በ8,000፣ ሌላውን ቀን በሲቢሲ አያሰሉ፤ ተህዋስያኑ ሳይለወጡ ቁጥሩ ብቻ ሊወርድ ይችላልና። ከዚህም ጋር 17ን የመሰለ ትንሽ ቁጥር በራሱ ይዋዥቃል፤ ያንኑ ስላይድ ሌላ ሰው ቢቆጥረውና 12 ወይም 22 ቢያገኝ፣ ማለትም 192 ወይም 352 ቢወጣ፣ ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም።

ተህዋስያን በርክተው ወፍራሙን መቁጠር አስቸጋሪ ሲሆን ወደ ቀጭኑ ይሄዳሉ። ለምሳሌ ከ2,000 ቀይ ሴሎች 48ቱ የተወረሩ ከሆነ 2.4 በመቶ ነው፤ በማይክሮሊትር 5,000,000 ቀይ ሴል አለ ተብሎ ሲሰላ 120,000 በማይክሮሊትር ይሆናል፤ የደም ማነስ ላለበት ሰው ግን ይህ ቁጥር ይጋነናል። በፋልሲፓረም ቆጠራ ላይ ወደ ትንኝ የሚተላለፉትን፣ የሙዝ ቅርጽ ያላቸውን ጋሜቶሳይቶች ከሌሎቹ ጋር አይደምሩ፤ ከሕክምና በኋላ ሊቆዩ ስለሚችሉ ብቻቸውን ሕክምናው አልሠራም አያሰኙም።

የወጣቱን ቀጭን ስሚር ስናይ የተወረሩት ቀይ ሴሎች ከጎረቤቶቻቸው ተለቅ ብለው፣ ውስጣቸው በደቃቅ ሮዝ ነጠብጣቦች ተሞልቶ፣ ተህዋሱም ቅርጹ የተዘረጋጋና ያልተስተካከለ ሆኖ አገኘነው። ቫይቫክስ ነበር። ጉበት ውስጥ ተኝቶ የቆየው ተህዋስ የፋልሲፓረሙ ሕክምና ካለፈ በኋላ ተነስቷል፤ የፒኤፍ መስመሩም የበፊቱ ሕመም ቅሪት ሆኖ ተገኝቷል። የፒቪ መስመሩ ያልታየውም ተህዋስያኑ ካርዱ በደንብ ከሚይዘው መጠን ግድም ስለነበሩ ነው። ሐኪሙ «ቫይቫክስ፣ 17/500፣ በሲቢሲ 173 በማይክሮሊትር» የሚለውን ውጤት አይቶ ክሎሮኪንና ፕሪማኪን አዘዘለት፤ በሦስተኛው ቀን ስላይዱ ላይ ምንም ተህዋስ አልነበረም፤ የፒኤፍ መስመሩ ግን ያን ዕለትም ደብዘዝ ብሎ ይታይ ነበር።

የእርስዎን ታካሚ ቀጭን ስሚር በባለ 100 ሌንስ ሦስት አራት ቦታ በስልክዎ አንስተው ይላኩልን፤ እስከ ስንት ነጭ ሴል እንደቆጠሩም አብረው ይጻፉልን።