መልስ፦ የድጋፍ ቡድንን ቀድሞ በሚያሳይ መለኪያ ስለ መለካት

«ስምንት ልጆች የደንበኛ ስልክና ቴሌግራም ይመልሳሉ። የእርካታ ውጤት በየወሩ እንሰበስባለን፤ መውረዱን የምናውቀው ግን ካለፈ በኋላ ነው። ምን ብንለካ ይሻላል?»

የእርካታ ውጤቱን አትተወው፤ ብቻውን ግን የተበላ ዕቁብ ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የቤት ኢንተርኔት የሚዘረጋ ድርጅት ውስጥ ስሠራ፣ ቀድሞ ያሳየናል ብለን የመረጥነው የመጀመሪያ ምላሽ ፍጥነትን ነበር። ተሳሳትን። ልጆቹ በሁለት ደቂቃ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ይልካሉ፤ ቁጥሩ ያምራል፣ ደንበኛው ግን ሦስት ቀን ያለ መስመር ይቀመጣል። አልፈርድባቸውም፣ የለካነው እሱን ነዋ።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ከ24 ሰዓት በላይ ሳይፈቱ ያደሩ ጥያቄዎችን መቁጠር ጀመርን። አብዛኛውን ጊዜ 6 ወይም 7 ነበሩ። አንድ ሰኞ 19 ሆኑ፤ ከፍተን ስናይ 11ዱ ቴክኒሻን የሚጠብቁ የአንድ ኮንዶሚኒየም ሳይት ቤቶች ናቸው። የወሩን ውጤት ሳንጠብቅ በዚያው ቀን ሰው ላክን።

አንተ ጋ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ያለፉትን ሦስት ወራት በሳምንት ከፋፍለህ ያደሩትን ጥያቄዎች ቁጥርና ደንበኞች በዚያው ሳምንት የሰጡትን የእርካታ ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጥ። ያደሩት በበዙ በሳምንት በሁለት ሳምንቱ እርካታው የማይወርድ ከሆነ ሌላ ፈልግ። ደግሞ ተዘግተው እንደገና የተከፈቱትንም ቁጠር፤ አለዚያ ልጆቹ ችግሩን ሳይፈቱ ጥያቄውን መዝጋት ይጀምራሉ።