6400 ይላል፣ ግን አይረጋም

«ሰላም ጋሼ። የመብራቱን 50 ሄርትዝ በ128 አባዝቼ 6400 ለማውጣት በ4046 እና በ4040 አንድ ሰርኪዩት ሠርቻለሁ። ሜትሩ 6400 አካባቢ ይላል፣ ኦሲሎስኮፑ ላይ ግን ሞገዱ አንዴ ይጠባል አንዴ ይሰፋል። እግር 9ን በፕሮብ ስነካው ደግሞ ይብስበታል። ከእግር 13 በኋላ ያለው ፊልተር 10 ኪሎ ኦም እና 10 ናኖፋራድ ነው። አይሲው ተበላሽቶ ይሆን?»

አይሲውን ተወው ወንድሜ፣ ደህና ነው። ችግሩ ፊልተርህ ነው። ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ከተሠራ ሰርኪዩት የወሰድከው ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሉፑ የሚሠራውን እንይ። 4046 ውስጥ በቮልቴጅ የሚታዘዝ ኦሲሌተር አለ፤ እግር 9 ላይ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ፍጥነቱም ከፍ ይላል። ከእሱ የሚወጣው በ4040 ለ128 ይካፈልና (የ4040 እግር 4 ነው) ወደ 4046 እግር 3 ይመለሳል። እዚያ ኮምፓራተሩ እግር 14 ላይ ከገባው 50 ሄርትዝ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ያስተያየዋል። የመብራቱ ጠርዝ ቀድሞ ከመጣ፣ ሌላው እስኪደርስ ድረስ እግር 13 ወደ 5 ቮልት ይጎትታል፤ የተካፈለው ከቀደመ ደግሞ ወደ ዜሮ ይጎትታል። ሁለቱ እኩል ሲደርሱ እግሩ ጭራሽ ይለቀቃል፣ የትም አይጎትትም። ተቆለፈ የምንለው ይሄን ነው። የተካፈለው 50 ሳይሆን ሉፑ አያርፍም፣ እሱ 50 እንዲሆን ደግሞ ኦሲሌተሩ የግድ 6400 መሆን አለበት። የሚያባዛ የተለየ ዕቃ የለም፤ መመለሻው ላይ ያለው አካፋይ ነው ሥራውን የሚሠራው። መብራቱ 49.8 ቢሆን ኦሲሌተርህ ራሱ 6374.4 ላይ ይቀመጣል።

አሁን ሰዓቱን ተመልከት። ኮምፓራተሩ የሚናገረው በየ20 ሚሊሰከንዱ አንዴ ብቻ ነው። የአንተ ፊልተር 10 ኪሎ ኦም በ10 ናኖፋራድ፣ 0.1 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ የ1 ሚሊሰከንድ እርማት ስትመጣ ካፓሲተሩ ወዲያው እስከ 5 ቮልት ይሞላና ኦሲሌተሩ ጣራውን ይነካል፣ ቀጣዩ እርማት እስኪመጣም እዚያው ይቆያል። ከዚያ ሌላኛዋ ትመጣና ወለሉ ላይ ትጥለዋለች። ሜትሩ ለአንድ ሰከንድ ያህል ቆጥሮ አማካዩን ስለሚሰጥህ 6400 ይልሃል፤ ውስጡ ግን ብጥብጥ ነው።

እንዲህ ቀይረው። ከእግር 13 ወደ እግር 9 270 ኪሎ ኦም፤ ከእግር 9 ደግሞ 220 ኪሎ ኦም፣ ከእሱ ጋር በተከታታይ 1 ማይክሮፋራድ፣ ከዚያ ግራውንድ። ይሄ የሉፑን የእርማት ፍጥነት ወደ 1 ሄርትዝ ያወርደዋል፣ ከ50 በጣም በታች ማለት ነው። ስሌቱ ኦሲሌተርህ በ1 ቮልት 1 ኪሎሄርትዝ ያህል ይለዋወጣል ብሎ ነው። ያንን ለማየት ፊልተሩን ነቅለህ እግር 9ን አንዴ ግራውንድ አንዴ 5 ቮልት ላይ አድርገውና ዳር ዳሩን ለካ፤ 5 እና 8 ኪሎሄርትዝ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። 6400 ከሁለቱ መሃል ካልገባ መቼም አይቆለፍልህም።

220ውን ኪሎ ኦም ትርፍ ነው ብለህ እንዳታወጣው። ካፓሲተር ብቻውን ከሆነ ጠርዞቹ ሲገጣጠሙ ፍጥነቱ ቀድሞ አልፎ ሄዷል፣ እንደገና ለመመለስ ደግሞ በሌላው በኩል ያልፋል፣ እንዲህ እያለ ሲወዛወዝ ይኖራል። ሬዚስተሩ ግን እግር 13 በጎተተ ቁጥር እግር 9ን ለአጭር ጊዜ ገፋ አድርጎ ይለቀዋል፤ ካፓሲተሩ ላይ የተቀመጠው ቮልቴጅ ብዙም ሳይነካ ጠርዙ ይስተካከላል።

ፕሮቡ የሚያባብሰውም ከዚሁ የተነሳ ነው። እግር 13 ሲለቀቅ ካፓሲተሩ ቮልቴጁን ለ20 ሚሊሰከንድ ብቻውን ነው የሚይዘው። በአዲሱ 1 ማይክሮፋራድ እንኳ 1 ሜጋ ኦም የሆነ ፕሮብ ብታሳርፍበት ከ2.5 ቮልት 50 ሚሊቮልት ያህል ያፈስበታል፣ ያ ማለት 50 ሄርትዝ መንሸራተት ነው። በአንተ 10 ናኖፋራድማ በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ አብዛኛው ይፈሳል። ስለዚህ እግር 9ን አትንካው፤ እግር 10 የእሱን መውጣትና መውረድ ይከተላል፣ 47 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ አስረህ ከዚያ ለካ። በዚሁ ምክንያት 1 ማይክሮፋራዱ የፊልም ካፓሲተር ይሁን። ኤሌክትሮላይቲክ ራሱ ያፈሳል።

ስትጨርስ እግር 1ን እይ። በጣም ቀጫጭን ወደታች የሚወርዱ ጭረቶች ብቻ እየታዩበት ከፍ ብሎ ከቆየ ተቆልፏል። ካበራኸው በኋላ አንድ ሁለት ሰከንድ ስጠው፣ ይሄ ፊልተር ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው። ተቆልፎ ሳለ አልፎ አልፎ ፍጥነቱ ወደ ላይ ብቻ ብድግ ካለ ግን ሉፑን አትጠርጥር፤ እግር 14 ላይ ትርፍ ጠርዝ እየገባ ነው። መብራቱን ከ9 ቮልት ትራንስፎርመር ወስደህ (ከ220ው በቀጥታ እንዳትሞክረው!) ቮልቴጁን በሬዚስተር ከ5 ቮልት በታች አውርደህ በትንሽ ካፓሲተር አለስልሰው፣ ከዚያ በ40106 ሽሚት ትሪገር አሳልፈው።