ለጥምቀት የታዘዘ 120 ዩኒፎርም፦ ለደንበኛው ምን ተብሎ ይመለስ?

ጥያቄ፦ «በጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ ልብስ ስፌት ቤት የሥራ አስተባባሪ ነኝ። ሰፊዎቻችን አራት ሲሆኑ አንዱ በቀን አንድ ተኩል ዩኒፎርም ይጨርሳል። ነባር ደንበኛችን የሆነ ሆቴል ለጥምቀት 120 የሠራተኛ ዩኒፎርም እስከ ታኅሣሥ 28 ይፈልጋል፤ እኛን ደግሞ የትምህርት ቤት ሥራ እስከ ታኅሣሥ 10 ይዞናል። እምቢ ብል ደንበኛው ይሄድብኛል፤ እሺ ብል አልደርስም። ምን ብዬ ልመልስ?»

መልስ፦ ለሥራ አስኪያጁ ከመደወልዎ በፊት ሒሳቡን ወረቀት ላይ ያስፍሩት። ከታኅሣሥ 11 እስከ 28 ካሉት 18 ቀናት ሦስት እሑዶችና ታኅሣሥ 19 የሚውለው የገብርኤል በዓል ሲቀነሱ 14 የሥራ ቀን ይቀራል። በእርስዎ ልክ በቀን 6 ዩኒፎርም ይወጣል ቢባልም፣ መብራት የሚጠፋበትንና ተለክቶ ጠቦ ወይም ሰፍቶ የሚመለሰውን ልብስ ማስተካከያ ስናስብ በቀን 5 መያዙ ይሻላል። ስለዚህ በተባለው ቀን የሚደርሰው 70 ያህል ነው። ቆራጩ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ወይም ኦቨርሎክ ማሽኑ አንድ ከሆነ ደግሞ የዕለቱን ልክ የሚወስነው እሱ ስለሆነ፣ ሰፊ ጨምረው ቀኑን ለማሳጠር አይሞክሩ።

ቀጥሎ የሚያስፈልግዎ ከደንበኛው የሚገኝ አንድ መረጃ ነው፤ ይኸውም ቀኑ ለምን እንደተመረጠ። ሆቴሉ ከገና እስከ ጥምቀት እንግዳ ስለሚበዛበት ልብሱን ቀድሞ ቢጠይቅ አይገርምም፤ ነገር ግን እንግዳ ፊት የሚቆሙት የእንግዳ መቀበያና የመስተንግዶ ሠራተኞች ናቸው እንጂ የልብስ ማጠቢያውና የወጥ ቤቱ አይደሉም። «120» የሚለው ቁጥርና «ታኅሣሥ 28» የሚለው ቀን አንድ ላይ ስለተነገሩ የማይነጣጠሉ ይመስላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ደንበኛው ራሱ ነጣጥሎ አስቧቸው አያውቅም።

ስለዚህ እምቢታን ወይም እሺታን ሳይሆን የቀን ድልድልን ይዘው ይቅረቡ። እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፦ «ጋሼ፣ ሥራውን ለመያዝ ፍላጎት አለን፤ ነገር ግን በታኅሣሥ 28 በእርግጠኝነት የምናስረክብዎ 70 ነው፤ እነሱም እንግዳ የሚያስተናግዱት ሠራተኞች ይሁኑ። 30 በጥር 6 ይደርስዎታል፤ የቀረው 20 ከጥምቀት በኋላ በጥር 17 ይሆናል። ይህ የሚሠራው ጨርቁና የሠራተኞቹ ልኬት እስከ ታኅሣሥ 8 ከደረሰን ነው።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አይዝለሏት፤ ጨርቁ ሳምንት ዘግይቶ ቢመጣ የመዘግየቱ ተጠያቂ እርስዎ እንዳይሆኑ የምታደርግ እሷ ናት። በቃል ከተስማሙ በኋላም በዚያው ዕለት ሦስቱን ቀናትና ቁጥሮች በጽሑፍ ይላኩ።

«እንሞክራለን» የሚለውን ቃል ግን በፍጹም አይጠቀሙ። እኔም ወጣት ሳለሁ በሠራሁበት አንድ ማተሚያ ቤት ይሉኝታ ይዞኝ ለአንድ ደንበኛ እንዲህ ብዬ ነበር፤ እሱ «እናደርሳለን» ብሎ ሰማው፣ በቀኑ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ፣ ሁለተኛም አልመጣም። በመጀመሪያው ቀን «አልችልም» ብለው ቢያስቀይሙት ሌላ ቤት የሚፈልግበት ጊዜ ይኖረዋል፤ በታኅሣሥ 27 ቢነግሩት ግን የሚሄድበት የለውም።

ሥራ አስኪያጁ «120ውም በአንድ ቀን ካልሆነ አልፈልግም» ቢል፣ ሙሉውን ትእዛዝ መተው ይኖርብዎታል። ያን ጊዜ ምክንያቱን ማርዘም አያስፈልግም፤ የትምህርት ቤቱን ሥራ ገፍተው ለእሱ ቦታ እንደማይለቁ ይንገሩት፤ ነገ በእሱም ላይ እንደማያደርጉት ይገባዋል። ሌላ ስፌት ቤት የሚጠቁሙ ከሆነ አስቀድመው ባለቤቱን ደውለው ቦታ እንዳለው ያረጋግጡ፤ ሳይጠይቁ መላክ ሁለቱንም ያስቀይማል። ከዚያም ከጥምቀት በኋላ የሚኖርዎትን ክፍት ቀን፣ ለምሳሌ ከጥር 13 ጀምሮ፣ በቀን ቆርጠው ያቅርቡለት፤ «ሌላ ጊዜ» ማለት ግን ለደንበኛው የጨዋ እምቢታ ብቻ ነው።

ከተስማሙ ደግሞ በታኅሣሥ 18 ማታ የተተኮሰውንና የታጠፈውን ልብስ ብቻ ይቁጠሩ፤ የተቆረጠውንና ቁልፍ ያልተተከለበትን አይጨምሩ። ሰባት የሥራ ቀን አልፎ 35 ሊሆን ይገባዋል። ከ30 በታች ከሆነ በዚያው ሌሊት ሒሳቡን አስተካክለው፣ በበዓሉ ማግስት በታኅሣሥ 20 ጠዋት ደውለው ከ70ው ስንቱ እንደሚጎድል ይንገሩት።