ጀርባው የደበዘዘ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ እንዳይመስል

ጥያቄ፦ «ደሴ ፒያሳ በ18–55 ሌንስ ያነሳሁት የእህቴ ፎቶ ጀርባው በሰውና በባጃጅ ተሞልቷል። በፎቶሾፕ ጀርባውን ሳደበዝዘው ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች። ቀዳዳው ሰፊ በሆነ ሌንስ የተነሳ እንዲመስል ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ይህ ጉዳይ የእኔን ገንዘብ በልቷል፤ ያንተን እንዳይበላ ብዬ ነው የምጽፍልህ። እህትህን መርጠህ ማስክ ማድረጉን እንደምትችል ከጥያቄህ ስለተረዳሁ በቀጥታ ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ።

1. ጀርባውን ከማደብዘዝህ በፊት እህትህን ከጀርባው ላይ አጥፋት። አብዛኛው ሰው ፎቶውን ያባዛል፣ የታችኛውን ሌየር በሙሉ በ Gaussian Blur ያደበዝዛል፣ ጥርት ያለችውን እህቱን ከላይ ያስቀምጣል። ታች የቀረችው እህቱ ግን አብራ ትደበዝዛለች፤ የቀሚሷም ነጭነት ወደ ጀርባው ይፈስሳል። ዙሪያዋን የሚከባት ነጭ ጭጋግ ከዚያ የመጣ ነው። እውነተኛ ሌንስ ላይ ትኩረቱ ያረፈበት ነገር ቀለም ወደ ጀርባው አይፈስም፤ ስለዚህ ዓይን ውሸቱን ወዲያውኑ ይይዛል።

የእኔ እህት ስታገባ ኮምፒውተሬ ጥገና ላይ ስለነበር ፎቶውን ለአንድ ፎቶ ቤት ሰጠሁ። ስልክ ላይ ሲያሳዩኝ ደህና ነበር። በ60 በ90 ሴንቲሜትር ታትሞ ሲመጣ ግን ነጩ ጭጋግ ከትከሻዋ እስከ ቀሚሷ ጫፍ ይታያል፤ ከኋላዋ ያለው ሰማያዊ የሱቅ ሰሌዳ ክንዷ አጠገብ ነጥቷል። ባለቤቱ «ካሜራህ ርካሽ ስለሆነ ነው» ብሎ በሰው ፊት አሳፈረኝ፤ ገንዘቤንም አልመለሰም። ካሜራው ምንም አልበደለም። ኮምፒውተሬ ሲጠገን ያንኑ ፎቶ ራሴ ሠራሁት፤ ዛሬ እናቴ ሳሎን የተሰቀለው የእኔው ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። በታችኛው ሌየር ላይ የእህትህን ምርጫ በ10 ፒክስል ያህል አስፋው፤ ከዚያ በ Content-Aware Fill ሙላው። መሙያው ቢያስቀይምህ አትጨነቅ፤ መሃሉን እህትህ ትሸፍነዋለች። ጠርዙ አጠገብ የጀርባው ቀለም ብቻ መቅረቱን አረጋግጥ።

2. ድብዘዛው ርቀትን ይከተል። ፎቶ ቤቱ ሁሉንም እኩል ስላደበዘዘው እህቴ የቆመችበት አስፋልት ሳይቀር ጠፍቶ አየር ላይ የተንሳፈፈች አስመስሏታል። እግሯ የረገጠው መሬት ጥርት ማለት አለበት፤ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ቀስ እያለ ይደብዝዝ።

ምን ያህል የሚለውን በግምት አትተወው። የአንድን ነገር ርቀት ከካሜራው ለካ፤ ከዚያ ላይ የእህትህን ርቀት ቀንስ፤ ውጤቱን ለዚያው ነገር ርቀት አካፍል። እኔ ስሠራ እህቴ 3 ሜትር ላይ ነበረች። 4 ሜትር ላይ ያለው የመብራት ምሰሶ ሩብ ድብዘዛ ይደርሰዋል፣ 6 ሜትር ላይ የቆመው ባጃጅ ግማሽ፣ 12 ሜትር ላይ ያለው ሱቅ ሦስት አራተኛ። ማዶ ያለው የጦሳ ተራራ ደግሞ ሙሉውን ያገኛል። ልብ በል፤ ተራራው ከሱቁ ስንት እጥፍ ቢርቅም የሚበልጠው በሩብ ብቻ ነው። ድብዘዛው ቅርብ ላይ ቶሎ ይጨምርና ሩቅ ላይ ይረጋል። ተራራውን ከሱቁ እጅግ አብልጠው የሚያደበዝዙት ይህን ስለማያውቁ ነው።

እነዚህን መጠኖች በአልፋ ቻናል ላይ በግራጫ ቀለም ሳላቸው፤ ጥቁር ማለት ጥርት ያለ፣ ነጭ ማለት ሙሉ ድብዘዛ ይሁን። መሬቱን ከእግሯ ጀምሮ ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ በቀስ ቀይረው። ምሰሶና ግድግዳን የመሰለ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ግን ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ይያዝ፤ መሬቱን የነካበት ቦታ ግራጫ ማለቴ ነው። ግራጫውን ከመሬቱ ጋር ወደ ላይ ካስኬድከው የምሰሶው እግር ጥርት ብሎ አናቱ ይጠፋል። ከዚያ Lens Blur ከፍተህ Source ላይ ቻናሉን ምረጥ፣ Blur Focal Distance ዜሮ ይሁን፣ Radius ደግሞ ተራራውን እያየህ ወስን። Gaussian Blur የሩቅ አምፖሎችን ጭጋግ ብቻ ያደርጋቸዋል፤ Lens Blur ግን እንደ ሌንስ ክብ ብርሃን ያደርጋቸዋል።

እህትህ ነጠላ ለብሳ ከሆነ ሌላ ሥራ አለብህ። በስሱ ጨርቅ ውስጥ የሚታየው ጀርባ ሳይደበዝዝ ይቀራል፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያደከመኝ እሱ ነበር። ጥለቱን ሙሉ በሙሉ ጥርት አድርገህ ተወው። ስሱን ክፍል ግን በማስኩ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ግማሽ አውርደው፤ የደበዘዘው ቀለም ከሥር ይገባል፣ የጨርቁ እጥፋትም አይጠፋም።

በመጨረሻ 100 በመቶ አጉልተህ ፊቷንና ጀርባውን አወዳድር። ድብዘዛ የካሜራውን ደቃቅ ነጠብጣብ ስለሚያጠፋ ጀርባው እንደ ፕላስቲክ ይለሰልሳል። እዚያው Lens Blur ውስጥ ያለውን Noise ሁለቱ እስኪመሳሰሉ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ጨምርና ወደ ማተሚያ ቤት ውሰደው።