ካሜራው 1080p ሆኖ ሳለ ምስሉ በጥሪ ላይ ለምን ይበላሻል?

ጥያቄ፦ «1080p ካሜራ ገዝቼ ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቻለሁ። ማታ ስብሰባ ስገባ ግን ፊቴ እንደሚደበዝዝ፣ ስንቀሳቀስ ደግሞ ምስሉ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ እንደሚሆን ባልደረቦቼ ይነግሩኛል። ኢንተርኔቴ ፈጣን ነው፤ በክፍሉ ያለው ብርሃን የጣሪያው አምፖል ብቻ ነው። ሌላ ካሜራ ልግዛ?»

መልስ፦ ለጊዜው አይግዙ። ያልተጨመቀ 720p ቪዲዮ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲላክ ወደ 330 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠይቃል፤ የጥሪ ፕሮግራሞች ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሜጋቢት ባለው ውስጥ ያሳልፉታል። ይህ የሚቻለው ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፍሬም ካለፈው ጋር እያነጻጸረ በዋናነት የተለወጠውን ብቻ ስለሚልክ ነው። ከጀርባዎ ያለው ግድግዳ አንዴ ከተላከ በኋላ ምንም ያህል ወጪ የለውም።

ብርሃን ሲያንስ ይህ ስሌት ይፈርሳል። ካሜራው የደከመውን ምልክት ለማጉላት ጌይኑን ከፍ ሲያደርግ ምስሉ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ ነጠብጣቦቹ ደግሞ በየፍሬሙ ቦታቸውን ይቀያይራሉ። ምስሉን የሚጨምቀው ክፍል ነጠብጣቡን ከእውነተኛ እንቅስቃሴ መለየት ስለማይችል፣ ያልተነቃነቀውን ግድግዳ እንደተለወጠ ቆጥሮ ለዓይንዎና ለከንፈርዎ ይውል የነበረውን ቢት እዚያ ላይ ያባክነዋል። እርስዎ ሲንቀሳቀሱ የሚተርፍ ስለሌለው ባልደረቦችዎ የሚያዩት ቁርጥራጭ ይፈጠራል። ጥራቱ የተሻለ ካሜራ ቢገዙም በዚያው ጨለማ ውስጥ ችግሩ ቢቀንስ እንጂ አይጠፋም።

ይህን ለማረጋገጥ ጥሪ ሳይከፍቱ በኮምፒውተሩ የካሜራ ፕሮግራም ጥቂት ሰከንድ ዝም ብለው ተቀምጠው ይቅረጹ፤ ከዚያም ቅጂውን በሙሉ ስክሪን ከፍተው ከአገጭዎ ሥር ያለውን ጥላ ይመልከቱ። ጥላው ውስጥ ነጠብጣብ የሚንተከተክ ከሆነ ጉድለቱ ብርሃን ነው። ቅጂው ጥርት ያለ ከሆነ ግን መብራቱን ትተው መጨረሻ ላይ ወዳለው ፍተሻ ይለፉ።

የጠረጴዛ መብራት ከስክሪኑ ጀርባ፣ ከዓይንዎ ትንሽ ከፍ አድርገው ወደ አንድ ጎን ያስቀምጡ። ትንሽ አምፖል ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ሲቀርብ ፊትዎ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ አራት እጥፍ ያድጋል፤ ስለዚህ ትልቅ አምፖል ከመግዛት ያለውን ማቅረብ ይሻላል። ብርሃኑ ዓይን ከወጋዎት መብራቱን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙረው ተንጸባርቆ እንዲደርስዎ ያድርጉ፤ መነጽር ካደረጉ ነጸብራቁ ከመስታወቱ እስኪጠፋ ድረስ ከፍ ያድርጉት። የጣሪያውና የጠረጴዛው አምፖል ቀለም አንዱ ቢጫ ሌላው ነጭ ከሆነ የፊትዎ ግማሽ ሌላ መልክ ይይዛል፣ ስለዚህ ተመሳሳይ ይምረጡ።

ወደ ካሜራው ቅንብር የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው፤ በጨለማ ክፍል ቅንብር መነካካት ትርፉ ድካም ነው። በዊንዶውስ OBS በሚባለው የቪዲዮ መቅረጫ ፕሮግራም ላይ ካሜራውን ካከሉ በኋላ Configure Video የሚለውን ይክፈቱ። Low Light Compensation የሚል ምርጫ ካለ ያጥፉት፤ ብርሃን ሲያንስ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚሰበስብበትን ጊዜ፣ አስረዝሞ ፍሬሙን በሰከንድ ወደ 15 ሊያወርድ ስለሚችል እጅዎ ሲንቀሳቀስ ጭራ ያወጣል። ከዚያ Exposure አጠገብ ያለውን Auto አጥፍተው -5 ላይ ያድርጉት፤ ይህ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ፊትዎ ከነጣ -6 ይሞክሩ። መስመሮች በምስሉ ላይ ከተንሳፈፉ PowerLine Frequency የሚለውን ከአካባቢዎ የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ ጋር፣ ማለትም 50 ወይም 60 ኸርዝ፣ ያስማሙ። Sharpness በልኩ ዝቅ ቢል ይመረጣል፤ ከልክ ያለፈ ማጥራት ነጠብጣቡንም ያጎላዋል። ሲጨርሱ OBSን ይዝጉ፤ አለዚያ የጥሪው ፕሮግራም ካሜራውን ላያገኘው ይችላል። አንዳንድ ካሜራዎች ገመዳቸው ሲነቀል ቅንብሩን ስለሚረሱ ደግመው ይፈትሹ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ባልደረቦችዎ ካማረሩ ጥሪውን በክሮም አሳሽ ከፍተው በሌላ ትር ላይ ይህን ይጻፉ፦

```
chrome://webrtc-internals
```

ከሚላከው ቪዲዮ ዝርዝር ውስጥ qualityLimitationReason የሚለውን ይፈልጉ። bandwidth ካለ ጥበቱ የመላኪያው መስመር ላይ ነው፤ ፈጣን ነው የሚባለው ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ የሚለካው በማውረጃው ፍጥነት ስለሆነ የመላኪያውን ለይተው ይለኩ፣ ከተቻለም ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በገመድ ያገናኙ። cpu ካለ ኮምፒውተሩ መጭመቁ ከብዶታል፤ መጀመሪያ የጀርባ ማደብዘዣውን ያጥፉ። none ብሎ frameHeight፣ ማለትም የሚላከው ምስል ቁመት በፒክስል፣ 360 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ግን ከመስመሩም ከኮምፒውተሩም አይደለም፤ ብዙ ሰው ባለበት ስብሰባ ሌሎች እርስዎን በትንሽ ሳጥን ስለሚያዩ ፕሮግራሙ ሆን ብሎ ምስሉን አሳንሶ ልኮ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚለውጥ መብራትም ካሜራም የለም።